በስልክ ጌም ራሱን የፈተነው ሹፌርና ተከትሎ የመጣው ሙግት

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነበብኩት የውይይት ክር የተከፈተው በጥያቄ አይደለም፤ በሙግት ነው። የከፈተው ሰው ስልኩ ላይ አንድ ቀላል ጌም አለው። ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ይቆያል። አረንጓዴ ሲሆን ቶሎ መንካት ነው። ጌሙ ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደፈጀብህ ይነግርሃል። ሰውየው ራሱን በሦስት ሁኔታ ፈትኗል። ጥሩ እንቅልፍ ተኝቶ ሲነሳ አማካዩ 270 ሚሊ ሰከንድ ሆነለት። ሁለት ቢራ ከጠጣ በኋላ 290 መጣ። አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘውን የጉንፋን ክኒን ውጦ ሲሞክር ደግሞ 300።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ30 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የሚጓዘው 66 ሳንቲ ሜትር ነው። ክንድ ከስንዝር አይሞላም። ለዚህች ተብሎ ጠጥተህ፣ ሳትተኛ ወይም ክኒን ውጠህ አትንዳ እያሉ ሰውን ማስፈራራት ለምን እንዳስፈለገ አልገባውም። ጤነኛና ልምድ ያለው ሹፌር ሁለት ቢራም ሆነ አንድ ክኒን አይበግረውም ባይ ነው።

ሒሳቡ ልክ ነው። እኔም ደግሜ ሠርቼዋለሁ። ክሩን እስከ ታች እንዳነብ ያደረገኝም ይኸው ነው፤ ስህተቱ ካለ ያለው ሒሳቡ ላይ አይደለም።

1ኛው ምላሽ ደስ ብሎት ተስማማ። ስንት ዓመት እንደነዳ፣ አንድም ቀን እንዳልተጋጨ ጻፈ። ሰው ሞቅ ሲለው እንዲያውም ይበልጥ ተጠንቅቆ ቀስ ብሎ እንደሚነዳም ጨመረ። 2ኛው ነገሩን ጨርሶ ሳተው። የመሰለው ሰውየው ስለ ስልኩ እየጠየቀ ነው። የስክሪን ንክኪ ራሱ ከስልክ ስልክ የተለያየ መዘግየት እንዳለው፣ ርካሽ ስልክ ብዙ ሚሊ ሰከንድ ከራሱ እንደሚጨምር፣ ስለዚህ 270ውም 300ውም እንደማይታመን በረጅሙ አስረዳ። ነጥቡ እውነት ነው። ግን ስልኩ በሦስቱም ፈተና አንድ ስለሆነ ልዩነቱን አይነካውም፤ ይህን ያነሳለት ግን አልነበረም።

3ኛው ምላሽ ስድብ ነው። ሰውየውን ነፍሰ ገዳይ ብሎ ጀምሮ እንደዚያው ጨረሰ። ምክንያት የሚባል ነገር አልጻፈም። ክሩን የከፈተውም በዚያው ቃና መለሰለት። ክሩ እዚያው ተበላሽቶ ይቀር ነበር፤ 5ኛዋ ባትመጣ ኖሮ።

እሷ የእንቅልፍ ምርምር የሚደረግበት ክፍል ውስጥ ለዓመታት እንደሠራች በአንድ መስመር ተናግራ ወደ ነገሩ ገባች። ሰውየውን አልሰደበችውም። እንዲያውም እነሱም ሰው የሚፈትኑት እሱ በተጠቀመበት ዓይነት ፈተና እንደሆነ ነገረችው። ልዩነቱ ሁለት ነው። የእነሱ ፈተና 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ምልክቱም ከ2 እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ደግሞ አማካዩን ብቻ አያዩም። የሚቆጥሩት ከግማሽ ሰከንድ በላይ የዘገዩትን ምላሾች ነው።

ምክንያቱን ስታስረዳ ሳትቸኩል ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁልጊዜ ቀርፋፋ አይደለም። ለአንድ ደቂቃ ራሱን አሰባስቦ እንደ ጤነኛ ሰው መንካት ይችላል። አሥር ጊዜ ይነካል፣ አሥሩም ደህና ናቸው። ጊዜው ሲረዝም ግን በመሃል አንዷ ታመልጠዋለች። ዓይኑ ተከፍቶ፣ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ሆኖ፣ አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ ያልፋል። አንዳንዴ ምልክቱን ጭራሽ አያየውም። ከዚያ ተመልሶ እንደገና ደህና ይሆናል። አማካይ ስትሠራ ያቺ አንዷ በብዙዎቹ ደህና ምላሾች ውስጥ ትቀበራለች። መንገድ ላይ ግን ሰው የሚገድለው አማካዩ አይደለም፤ ያቺው አንዷ ናት።

አልኮል ላይ ሌላ ነገር አነሳች። ጌሙ የሚጠይቀው አንድ ምልክት፣ አንድ ጣት፣ አንድ መልስ ነው። ጥቂት የጠጣ ሰው ይህንን ብዙም ሳይበላሽ ይሠራዋል። የሚበላሸው ትኩረቱን መክፈል ሲኖርበት ነው። መስታወት እያየ፣ ፍጥነቱን እየጠበቀ፣ ከዳር የቆመው ልጅ ይሻገር አይሻገር እያሰበ፣ ፍሬን ልርገጥ ወይስ መሪ ልጠምዝዝ ብሎ መምረጥ ሲኖርበት። ቀዩ ስክሪን ከዚህ አንዱንም አይጠይቅም። ስለዚህ ሰውየውን አንድ ነገር ለመነችው፤ እንቅልፍ ባነሰው ቀን ጌሙን ሳያቋርጥ 10 ደቂቃ ይጫወትና አማካዩን ሳይሆን ከሁሉ የዘገየውን ቁጥር ይላክ።

6ኛው ምላሽ እዚህ ላይ ጥናት ይዞ መጣ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ክሩን ያመሰው። በአሜሪካ ሚሺገን፣ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጋጩ ሹፌሮችና ያልተጋጩ ሹፌሮች ትንፋሻቸው ተለክቶ ነበር። ጥናቱን የመራው የትንፋሽ መለኪያውን የፈለሰፈው ቦርከንስታይን ራሱ ነው። ውጤቱ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ደማቸው ውስጥ በጣም ትንሽ አልኮል የተገኘባቸው ሹፌሮች፣ ጨርሶ ካልጠጡት ይልቅ ያነሰ አደጋ የደረሰባቸው ይመስላሉ። 6ኛው ሰው ይህንን ይዞ ትንሽ መጠጣት መንዳትን ያሻሽላል እስከማለት ሄደ። 1ኛው ሰውዬ በደስታ አጨበጨበለት።

የእንቅልፏ ሴት በ7ኛው መለሰች። ጥናቱ መኖሩን፣ ያ ዝቅታም መታየቱን አልካደችም። ጥያቄው ያልጠጡት እነማን ናቸው የሚለው ነው። ጨርሶ ካልጠጡት መካከል መንጃ ፈቃድ ገና ያወጡ ልጆች፣ በጣም ያረጁ ሰዎችና አልፎ አልፎ ብቻ የሚነዱ ሰዎች ይበዛሉ። እነዚህ ጠጡም አልጠጡ ብዙ ይጋጫሉ። አንድ ብርጭቆ የሚጎነጩት ደግሞ በአብዛኛው መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ብዙ የነዱ ሰዎች ናቸው። ዕድሜና ልምድን እኩል አድርገህ ስታወዳድር ዝቅታው ይጠፋል። 6ኛው ሰው ለዚህ መልስ አልሰጠም። ክሩ እስኪያልቅ ድረስም በዚህ ነገር ላይ ቃል አልተነፈሰም።

ከዚህ በኋላ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ የራሷን ጉዳይ ይዛ ገባች። መጠጥ አትቀምስም። ማለዳ 12 ሰዓት ተነስታ፣ ቀኑን በቤት ሥራ አሳልፋ፣ ማታ ሥራ ገብታ ያደረች ጊዜ ነበር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መኪናዋን ይዛ ወደ ቤት ሄደች። ደጇ ላይ ስትቆም የመጨረሻውን መንገድ እንዴት እንደመጣች አታስታውስም። የትራፊክ መብራት ነበረ፣ አረንጓዴ ይሁን ቀይ አታውቅም። እስከዛሬ ስታስበው እንደሚዘገንናት ጽፋለች።

9ኛው ሰው አቃለለባት። የለመድከውን መንገድ ስትነዳ ሐሳብህ ሌላ ቦታ መሄዱ ማንም ላይ የሚደርስ ነገር ነው፣ እንቅልፍ አይደለም ባይ ነው። አነጋገሩ ደረቅ ነበር፤ ነርሷም ተቀየመች። የሚገርመው የእንቅልፏ ሴት ለሁለቱም ግማሽ ግማሽ ፈረደች። አለማስታወስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ደህና የተኛ ሰውም ሐሳብ ይዞት ይሄዳል፤ ግን ፊት ለፊቱ ያለው መኪና ሲቆም ይነቃል። ሌሎች ምልክቶች ናቸው መታየት ያለባቸው። የምትታጠፍበትን መገንጠያ አልፈህ ከሄድክ፣ ጎማህ የመንገዱን ዳር ከነካ፣ ፍጥነትህ ሳታስበው ከፍ ዝቅ ካለ፣ አንገትህ ወደቅ ብሎ ከነቃህ ማንጎላጀት ጀምረሃል ማለት ነው። የመጨረሻው ከታየ እንቅልፉ መጥቶ ሄዷል እንጂ ገና ሊመጣ አይደለም።

ለነርሷ ደግሞ አንድ ቁጥር ሰጠቻት። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ አለ። ሰዎች እንቅልፍ ከልክለዋቸው፣ በሌላ ቀን ደግሞ አጠጥተዋቸው፣ የእጅና የዓይን ቅንጅታቸውን በአንድ ዓይነት ፈተና ለኩ። 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው፣ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል እንዳለበት ሰው ሆነ። 24 ሰዓት ሲሞላው ወደ 1 ግራም ደረሰ። ነርሷ በዚያ ጠዋት 26 ሰዓት ሆኗታል። 9ኛው ሰው ፈተናው መንዳት አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ እውነቱን ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ነጥብ መከተል ነበር። እዚህ ላይ ማንም ማንንም አላሳመነም።

ክሩን የከፈተው ሰው በ12ኛው ተመለሰ። 10 ደቂቃውን ተጫውቶታል፣ ያውም አምስት ሰዓት ብቻ በተኛበት ቀን። አማካዩ 330 መጣ። ከግማሽ ሰከንድ ያለፉት ጥቂት ናቸው። ከሁሉ የዘገየው ግን 1,900 ሚሊ ሰከንድ ነው። ሁለት ሰከንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቁጥሩን መደበቅ ይችል ነበር፣ አልደበቀም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ግን አልተረታም። ጌሙ በጣም ይሰለቻል፣ ሐሳቤ ሄዶ ነው፣ መንገድ ላይ እንደዚያ አልሆንም ብሎ ተሟገተ። የእንቅልፏ ሴት መልስ አጭር ነው። ረጅም ቀጥ ያለ መንገድም ይሰለቻል። ደህና በተኛበት ቀን ያንኑ 10 ደቂቃ ይሞክርና ያው መሰልቸት ያንኑ 1,900 ያመጣ እንደሆነ ያወዳድር። ይህንን እስከ መጨረሻው አላደረገም፤ አድርጎም ከሆነ አልጻፈም።

13ኛው መንጃ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የሚጠራቸው። ስለ ጥናት ምንም አላሉም። ስለ ፍሬን ነው የጻፉት፤ ለእኔ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የጠቀመኝ የእሳቸው ነው። መኪናው በሰዓት 80 ይሄዳል እንበል፣ መንገዱ ደረቅ ነው። ነቃ ያለ ሹፌር ያልጠበቀው ነገር ብቅ ሲልበት አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስኪያሻግር አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። የስልኩ 270 ሚሊ ሰከንድ እዚህ ቦታ የለውም፤ እዚያ የሚመጣውን እየጠበቅክ ነው። በአንድ ሰከንድ ተኩል 33 ሜትር ሄደ። ፍሬኑ ደግሞ 35 ሜትር ይወስዳል። ድምሩ 68 ሜትር ያህል ነው።

አሁን ሹፌሩ የግማሽ ሰከንድ ብቻ ይዘግይ። ሁለት ሰከንድ ፈጀበት። ፍሬን ሳይነካ 44 ሜትር ሄዷል። ሰዎች እዚህ ላይ ልዩነቱ 11 ሜትር ነው ብለው ያቆማሉ፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። መንገዱ ላይ ያለው እግረኛ የቆመው 68ኛው ሜትር ላይ ከሆነ፣ ነቃ ያለው ሹፌር እግሩ ሥር ደርሶ ይቆማል። የዘገየው ፍሬን የሚይዝበት የቀረው 24 ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል ብለው ጠየቁ። አንዱ 15፣ ሌላው 20 ገመተ። መልሱ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ነው። ፍሬን ስትረግጥ ፍጥነቱ በርቀት እኩል እኩል አይቀንስም። አብዛኛው የሚረግፈው የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ነው፤ የዘገየው ሰው የሚያጣው ደግሞ እነዚያኑ ሜትሮች ነው። በ45 የተገጨ እግረኛ ሊሞት ይችላል። ክሩን የከፈተው ሰው በ30 ሚሊ ሰከንድ ያሰላውን ነገር አዛውንቱ በግማሽ ሰከንድ አሰሉት። የ1,900ውን አላሰሉትም፤ አንባቢ ራሱ እንዲያስበው ትተውታል።

እዚህ መሃል ሦስት አራት ምላሾች ወደ ዳር ወጡ። መስኮት ከፍቶ መንዳት፣ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ፣ ማስቲካ ማኘክ፣ ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ። እያንዳንዱ በራሱ ብልሃት ማለ። አንዱ እንዲያውም የቡና ሲኒ ምልክት እያበራ ዕረፍት አድርግ የሚለውን መኪናውን ይራገም ጀመር፤ ሁለት ሰዎች ስለ መኪና ሞዴል ተያይዘው ሄዱ። የእንቅልፏ ሴት አንድ ጊዜ ብቻ ጣልቃ ገባች። ቀዝቃዛ አየርና ሬዲዮ በእንግሊዝ አገር ተሞክረው የሚጠቅሙት ለጥቂት ደቂቃ እንደሆነ ታይቷል። ሚዛን የሚደፋው መኪናውን አቁሞ ቡና ጠጥቶ ወዲያው 15 ደቂቃ ማሸለብ ነው። ቡናው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ እንቅልፉና ቡናው ተያይዘው ይደርሳሉ። ይህም ቢሆን የቀረውን አጭር መንገድ ያስጨርሳል እንጂ የሌሊቱን እንቅልፍ አይተካም።

18ኛዋ ፋርማሲስት ናት። እስካሁን ክኒኑን ማንም በቁም ነገር እንዳላነሳው ታዝባ ጀመረች። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ተረከች። 40 ሰዎች ሲሙሌተር በሚባል መንዳትን በሚያስመስል መሣሪያ እንዲነዱ ተደረገ። እያንዳንዱ ሰው በአራት የተለያየ ቀን መጣ። አንድ ቀን ባዶ ክኒን፣ አንድ ቀን ፌክሶፈናዲን የሚባለውን አዲሱን የአለርጂ መድኃኒት፣ አንድ ቀን ዳይፈንሃይድራሚን የሚባለውን የድሮውን፣ አንድ ቀን ደግሞ በሊትር 1 ግራም ያህል የሚያደርስ አልኮል ወሰደ። አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት ባዶ ክኒን እንደወሰዱት ነዱ። የድሮውን የወሰዱት ግን ከጠጡበት ቀን ብሰው ተገኙ። ይህ መድኃኒት በብዙ አገሮች ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው ነጥቧ መጣች። ሰዎቹ ምን ያህል እንቅልፍ እንደተጫናቸው ተጠይቀው ነበር። የሰጡት መልስ ግን አነዳዳቸውን በደንብ አያሳይም ነበር። ደህና ነኝ ያለው ሊዋዥቅ፣ ደከመኝ ያለው ቀጥ ብሎ ሊሄድ ይችላል። የእንቅልፏ ሴት ይህንን አይታ ከእሷም ወገን ጨመረች። በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ እያስተኙ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት ያቆዩበት ሙከራ አለ። በፈተናው በየቀኑ ይበልጥ እየባሱ ሄዱ፤ የድካም ስሜታቸው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ መጨመሩን አቆመ። ለመድነው አሉ። አልተለመደም ነበር። አልኮልም እንዲሁ ነው። ሰው ሞቅታው ሲበርድለት ደህና የሆነ ይመስለዋል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ግን ገና ብዙ ነው፣ እጁም ገና አልተመለሰም። ቁልፉን አንስቶ መኪናው ውስጥ የሚገባውም ያኔ ነው። እኔ ከክሩ ሁሉ አንድ ነገር ውሰድ ብባል የምወስደው ይህንን ነው። ሦስቱም ነገሮች መጀመሪያ የሚያበላሹት፣ ደህና ነኝ ወይስ አይደለሁም ብለህ የምትጠይቀውን ጭንቅላት ነው።

ፋርማሲስቷ ላይ ጥያቄ ዘነበባት። አንዲት ሴት ዞልፒደም የሚባል የእንቅልፍ ክኒን ታዞላት ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኝታ ተነስታ፣ ጠዋት መኪናዋን ከአጥሩ በር ጋር አጋጨች። ነቅታ ነበር፣ ቁርስም በልታ ነበር። ፋርማሲስቷ አልተገረመችም። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሴቶች የሚታዘዘው መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊ ግራም እንዲወርድ ያደረገው ለዚሁ ነው። ከሴቶች ሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ጠዋት ደማቸው ውስጥ ይገኛል። መጠኗን ራሷ እንዳትቀንስ፣ ሐኪሟን እንድትጠይቅ አደራ አለቻት።

ቀጥሎ የመጣው ሰው የበዓል ማግስት ጥያቄ ነው ያለው። ማታ 3 ሰዓት ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ስድስት ጠርሙስ ቢራ ጠጣ። ተኝቶ 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ሊነዳ ነው። አንድ የሒሳብ ባለሙያ ወረቀት አውጥቶ አሰላለት። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ ጠርሙስ 13 ግራም አልኮል አለው። ስድስቱ 78 ግራም። 70 ኪሎ በሚመዝን ወንድ ደም ውስጥ ሁሉም ቢገባ በሊትር 1.6 ግራም ያህል ይሆናል። ጉበት በሰዓት 0.15 ይቀንሳል። መጠጣት ከጀመረ 8 ሰዓት ስለሆነ 1.2 ወጥቷል። የቀረው 0.4 ገደማ ነው። ብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚፈቅዱት እስከ 0.5 ስለሆነ በሰላም ግባ ብሎ ሸኘው።

ፋርማሲስቷ እዚህ ላይ ተቆጣች። ስሌቱን አልነቀፈችም፤ 0.15ን እንደ ሕግ መያዙን ነው የነቀፈችው። እሱ የመሃሉ ቁጥር ነው። ጉበቱ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው በሰዓት 0.1 ብቻ ሊያወጣ ይችላል። ያኔ 11 ሰዓት ላይ የቀረው 0.8 ነው፣ ማለትም እጥፍ። ያንኑ ስድስት ጠርሙስ 55 ኪሎ የምትመዝን ሴት ጠጥታ ቢሆን፣ በመሃሉ ቁጥር እንኳ ወደ 1.4 ይቀርባታል። ቡናም ሆነ ሻወር ይህንን አያፋጥነውም። በዚያ ላይ ሰውየው የተኛው አራት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሊነዳ ያሰበውም ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው፣ ሰውነት በተፈጥሮው እንቅልፍ በሚፈልግበት ጊዜ ውስጥ ነው። ፖሊስ ትንፋሹን ብቻ ነው የሚለካው። እንቅልፍ ማጣቱን የሚለካ መሣሪያ መንገድ ላይ የለም። የሒሳብ ባለሙያው የሕጉን ቁጥር እንጂ ሰውነቱን እንዳላየ በደረቁ ነገረችው። እሱም የተጠየቀውን እንደመለሰ በደረቁ መለሰ። 3ኛው ተሳዳቢ ይህንን አይቶ ተመልሶ መጣ፤ የመድረኩ አስተባባሪ ሁለት መልእክት ሰርዞ አስጠነቀቀው።

መጨረሻው ላይ ቃናው ረገበ። ክሩን የከፈተው ሰው ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ ለአለርጂው የትኛውን ቢወስድ ይሻለዋል። ፋርማሲስቷ ሎራታዲንና ፌክሶፈናዲን በታዘዘው መጠን ብዙውን ሰው እንደማያስተኙ፣ ሴትሪዚን ግን አንዳንዱን እንደሚያስተኛ ነገረችው። የድሮው ክሎርፈኒራሚን ማታ ተውጦ በማግስቱም ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ደግሞ በብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሎ አለ፤ ፊት ለፊት የተጻፈውን ስም ሳይሆን ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ይዘት ማንበብ ያስፈልጋል።

26ኛው ሰው ለጀርባ ሕመሙ ከሞርፊን ወገን የሆነ ማስታገሻ ለወራት በአንድ መጠን የሚወስድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሱስ ምን ያድርግ? ፋርማሲስቷ አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና መጠኑ የሚጨምርበት ጊዜ እንደሆነ፣ ለረጅም ጊዜ በአንድ መጠን ሲቆይ ሰውነት ብዙውን እንደሚለምድ ጻፈች። የእንቅልፏ ሴት ልማድ የሚለው ቃል አልተዋጠላትም፤ እንቅልፍ ያጡትም ለመድነው ይሉ እንደነበር አስታወሰች። ፋርማሲስቷ ይህ በስሜት ሳይሆን በመንዳት ፈተና የተለካ ነው ብላ ተከላከለች፤ ያልታከመ ሕመምም ትኩረትን እንደሚበላ ጨመረች። መምህሩ ጋሼ ሹፌሩ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ፣ መጠኑ በተቀየረ ቁጥር መኪናውን ለጥቂት ቀን እንዲያቆም መከሩት። ሹፌሩ የሰጠው መልስ ክሩ ላይ የመጨረሻው ነው። መኪናውን ባቆመባቸው ቀናት ደመወዝ የሚከፍለው እንደሌለ፣ ስለዚህ መጠኑ ሲቀየር ለአሠሪው እንደማይናገር በግልጽ ጻፈ።